የ25 ሚሊሜትር ዘንግ፣ አንድ ቻርትና ሦስት ቁጥሮች

ሰኞ፤ ሥራውን ስንቀበል

ወርክሾፓችን ለአንድ ማሽን ሠሪ ድርጅት የብረት ዘንግ እየሠራ ነው። ቅይጥ ብረት ነው፣ በሲኤንሲ ቶርኖ የሚጨረስ። ስዕሉ ላይ ወሳኙ ልክ ዲያሜትሩ ነው፤ 25 ሚሊሜትር፣ ቶለራንሱ h7። ይህ ማለት ከ25.000 መብለጥ፣ ከ24.979 ማነስ አይችልም። በመሃሉ ያለው ቦታ 21 ማይክሮን ብቻ ነው።

እስካሁን እንዲህ ያለውን ሥራ እየለካን፣ የበለጠውን እየመለስን፣ ያነሰውን እየጣልን እንጨርሰው ነበር። አሁን ግን ደንበኛው ትእዛዙ ላይ አንድ መስመር ጨምሯል። ሲፒኬ ከ1.33 እንዳያንስ፣ ከቁጥጥር ቻርቱ ጋር አብሮ ይላክ ይላል። ሲፒኬ ሥራችን ቶለራንሱ ውስጥ ምን ያህል ተመችቶት እንደሚገባ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ስሌቱ ኋላ ይመጣል። ስለዚህ ይህን ማስታወሻ ሥራው እየሄደ እጽፈዋለሁ።

ለመጻፍ እንዲቀለን ከ24.900 በላይ ያለውን ማይክሮን ብቻ እንመዘግባለን። 24.987 የሆነው ዘንግ ወረቀቱ ላይ 87 ነው። እንግዲህ የታችኛው ወሰን 79፣ የላይኛው 100፣ መሃሉ 89.5 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በዚህ አጻጻፍ ናቸው።

ሰኞ ከሰዓት፤ መጀመሪያ ማይክሮሜትሩ

ቻርት ከመሳሌ በፊት መለኪያውን ማመን አለብኝ። ያለን አንድ ማይክሮን የሚያነብ ዲጂታል ማይክሮሜትር ነው። በ25 ሚሊሜትር ጌጅ ብሎክ ዜሮውን አስተካከልኩ። ከዚያ አንድ ዘንግ ወሰድኩና አንድ ቦታ ላይ ምልክት አድርጌ አሥር ጊዜ ለካሁት። በየመሃሉ ማይክሮሜትሩን ሙሉ በሙሉ እከፍተዋለሁ፣ የማጥበቂያውን ራቼትም በእኩል ኃይል አዞራለሁ።

በትልቁና በትንሹ ንባብ መካከል ያለው ልዩነት 2 ማይክሮን ወጣ። ወደ ሲግማ፣ ማለትም ወደ መደበኛ ልይይት፣ ሲቀየር 0.65 ማይክሮን ገደማ ነው። የመለኪያው ስርጭት፣ ማለትም የሲግማው ስድስት እጥፍ፣ ከ21 ማይክሮኑ ውስጥ 19 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ከ10 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ከ30 በመቶ በላይ ቢሆን ኖሮ ቻርቱ የሚያሳየው የቶርኖውን ጸባይ ይሁን የመለኪያውን መለየት ይቸግር ነበር። ለዚህ ሥራ ያስኬዳል።

ሙቀቱንም አየሁ። የዓለም አቀፉ የልኬት መነሻ 20 ዲግሪ ነው፤ የእኛ ወርክሾፕ ጠዋት ከዚያ በታች ይቀዘቅዛል። ግን ብሎኩም ዘንጉም ብረት ናቸው፣ እኩል ሙቀት ላይ ካሉ አብረው ይጠባሉ። ችግር የሚመጣው አንዱ ሞቆ ሌላው ሲቀዘቅዝ ነው። 25 ሚሊሜትር ብረት በአንድ ዲግሪ 0.29 ማይክሮን ገደማ ያብጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገ የሚያደርገውን እናያለን።

ማክሰኞ፤ መረጃ መሰብሰብ

በየግማሽ ሰዓቱ በተከታታይ የወጡ አምስት ዘንጎች እየለካሁ ነው። ማሽኑ በግማሽ ሰዓት አሥር ያህል ያወጣል።

ለምን በተከታታይ? አምስቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስለተሠሩ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የማሽኑ የቅርብ ጊዜ መንቀጥቀጥ ነው። ብረቱን የሚቆርጠው ኢንሰርት በዚያች ጊዜ ብዙም አይበላም፣ ሙቀቱም አይለወጥም። ቀስ እያለ የሚመጣው ለውጥ ደግሞ በአንዱ ቡድንና በሌላው መካከል ይታያል። ከቀኑ ምርት አምስቱን በዘፈቀደ ለቅሜ ብወስድ ሁለቱ ይደባለቁና ቻርቱ ዕውር ይሆናል።

አንዱ ቡድን ይህን ይመስላል፦ 88፣ 91፣ 90፣ 93፣ 89። አማካዩ 90.2 ነው። ሬንጁ፣ ማለትም ትልቁ ሲቀነስ ትንሹ፣ 5 ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ቻርቱ ላይ ሁለት ነጥብ ይጨመራል፤ አንዱ በአማካዩ ቻርት፣ ሌላው በሬንጁ ቻርት።

ማሽኑ ላይ ያሉት ለረጅም ዓመታት ቶርኖ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ለሁለቱ ቀን መረጃ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ እንደ ወትሮዎ ይሥሩ። እኔ ስለምለካ ብለው ምንም እንዳይቀይሩ።» ሳቅ አሉና «ወትሮማ የምሠራውን ካየህ ትደነግጣለህ» አሉኝ።

ረቡዕ፤ ሬንጁን ማንበብ

ሃያ ቡድን ተሞላ። ብዙ ሰው ዓይኑ ወደ አማካዩ ቻርት ይሄዳል። እኔ በሬንጁ እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም የአማካዩ ቻርት ወሰኖች የሚሰሉት ከሬንጁ ነው። ሬንጁ ሳይረጋ አማካዩን ማንበብ በሚወዛወዝ ሚዛን ቡና እንደመመዘን ነው።

የሃያዎቹ ሬንጅ አማካይ 6.2 ማይክሮን ነው። ለአምስት አምስት ቡድን የላይኛው ወሰን ይህ ከሠንጠረዥ በሚወሰደው 2.114 ተባዝቶ ነው፤ 13.1 ይሆናል። አሥራ ዘጠኙ ነጥቦች ከዚህ በታች ናቸው። ሰባተኛው ግን 15 ላይ ቆሟል።

የሰባተኛው ቡድን ንባቦች 92፣ 95፣ 94፣ 96 እና 107 ናቸው። አራቱ ተቀራራቢ፣ አንዱ ብቻውን የሸሸ። የማሽኑ መንቀጥቀጥ ቢጨምር አምስቱም ይበታተኑ ነበር። አንድ ብቻ ሲሸሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው መለኪያውን ነው። በመዝገቡ ጎን ረዳቱ «ኩላንት ቱቦ ዞሮ ነበር» ብሎ ጽፏል። ዘንጉ በደረቁ ተቆርጦ፣ እጅ እያቃጠለ፣ ወዲያው ተለክቷል። ያው ዘንግ ቀዝቅዞ ሲለካ 97 ሆነ። አሥር ማይክሮን ልዩነት ማለት ከሌሎቹ በ35 ዲግሪ ያህል ሞቆ ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱ ስለታወቀና ስለተስተካከለ ያንን ቡድን ከስሌቱ አወጣሁት። ነጥቡን ግን ከቻርቱ አላጠፋሁም። ከጎኑ ምክንያቱን ጽፌ ተውኩት። ምክንያቱ ሳይገኝ ቢሆን ኖሮ ከስሌቱም ማውጣት አልችልም ነበር። «አልወደድኩትም» ብሎ ነጥብ መሰረዝ ቻርቱን ስዕል ያደርገዋል። ከዛሬ ጀምሮ ዘንጉ ማይክሮሜትሩ አጠገብ ባለው የብረት ጠረጴዛ ላይ ቀዝቅዞ ነው የሚለካው።

በቀሩት 19 ቡድኖች የሬንጁ አማካይ 5.74 ሆነ። ይህ ከዚያው ሠንጠረዥ በሚወሰደው 2.326 ሲካፈል ሲግማው 2.47 ማይክሮን ነው። አማካዩ 92.3። ወሰኖቹ እነዚህ ናቸው፤ UCL የላይኛው፣ LCL የታችኛው ነው፦

```
UCL_R = 2.114 × 5.74        = 12.1
UCL_X = 92.3 + 0.577 × 5.74 = 95.6
LCL_X = 92.3 - 0.577 × 5.74 = 89.0
```

ሬንጁ ረግቷል። አሁን ወደ ላይኛው ቻርት።

ረቡዕ ከሰዓት፤ የመጋዝ ጥርስ

የመጀመሪያዎቹ ስድስት አማካዮች 88.4፣ 90.4፣ 90.2፣ 92.6፣ 93.2፣ 95.2 ናቸው። ሰባተኛውን ዘለን ስምንተኛው 97.2። ዘጠነኛው በአንዴ 88.2። ከዚያ እንደገና መውጣት፣ በአሥራ አምስተኛው 96.8 መድረስ፣ በአሥራ ስድስተኛው 89.0 ላይ መውደቅ። ነጥቦቹን በመስመር ሳገናኛቸው የመጋዝ ጥርስ ወጣ።

አራት ነጥቦች ከወሰን ውጭ ናቸው፤ አንደኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛውና አሥራ አምስተኛው። ወሰን ባላሰላም ቅርጹ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ያለ ምክንያት የሚወዛወዝ ሂደት በመሃል መስመሩ ዙሪያ ይበተናል እንጂ ለሦስት ሰዓት ተኩል ወደ አንድ አቅጣጫ አይወጣም።

የመውጣቱ ምክንያት ኢንሰርቱ ነው። የኢንሰርቱ ጫፍ ሲበላ ከዘንጉ ይርቃል፣ ዘንጉም ይወፍራል። ጥርሶቹን ስለካቸው ዲያሜትሩ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በአሥር ዘንግ ማለት ነው፣ 1.3 ማይክሮን ያህል ይጨምራል። ጫፉ የሚርቀው የዚህን ግማሽ ነው፤ ዲያሜትር ሁለቱንም ጎን ስለሚቆጥር እጥፍ ሆኖ ይታያል።

የመውደቁ ምክንያት ጋሼ ናቸው። ቻርቱን ይዤ ሄድኩና ዘጠነኛዋን ነጥብ አሳየኋቸው። «መቶ አንድ አየሁ፣ አሥር ማይክሮን ቀነስኩ» አሉ። አሥራ ስድስተኛዋስ? «መቶ አየሁ፣ ቀነስኩ።» ለምን እስከዚያ ይጠብቃሉ አልኳቸው። የመለሱልኝ ግን የአማካዩን 92.3 ጭምር አብራራልኝ።

«ከወፈረ ይመለሳል ልጄ። ከቀጠነ ግን ስክራፕ ነው፣ ሌላ ብረት ይበላል። ስለዚህ ወፈር አድርጌ ነው የምይዘው።»

ስህተት የለበትም፤ እየለካ ለሚሠራ ሰው ትክክለኛ ብልሃት ነው። ግን ሂደቱ ከመሃሉ 2.8 ማይክሮን ወደ ላይኛው ወሰን ተጠግቶ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ማሽኑ ብቻውን ይህን አያደርግም፣ ፍርሃቱ ነው።

ሐሙስ፤ ስለ ሁለት ዓይነት ወሰን አንድ ክርክር

ፎርማናችን ቻርቱን አይቶ «አሥራ አምስተኛዋ 96.8 ናት፣ ከ100 በታች ናት፣ ለምን ቀይ አደረግሃት?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ሁሌም ይመጣል።

96.8 የአምስት ዘንጎች አማካይ ነው። 100 ደግሞ ለአንድ ዘንግ የተሰጠ ወሰን ነው። አማካዮች ከነጠላ ዘንጎች ያነሰ ነው የሚበተኑት፤ ለአምስት ሲሆን የነጠላው ሲግማ በአምስት ስኩዌር ሩት ተካፍሎ። የአሥራ አምስተኛው ቡድን አምስት ዘንጎች 94፣ 96፣ 98፣ 100፣ 96 ነበሩ፣ ሁሉም ያልፋሉ። የስምንተኛው 95፣ 96፣ 98፣ 101፣ 96 ነበሩ። አማካያቸው 97.2 ከ100 በታች ነው፣ ግን አንዱ ዘንግ ከ100 በልጧል። ስለዚህ በአማካዩ ቻርት ላይ የቶለራንሱን መስመር ብሰምር ስምንተኛዋ ነጥብ ደህና ትመስል ነበር። መስመሩን ያላሰመርኩት ለዚህ ነው።

የቁጥጥር ወሰን የሚመጣው ከማሽኑ ነው፤ ማሽኑ በደህና ቀኑ የሚያደርገውን ይናገራል። የቶለራንስ ወሰን የሚመጣው ከስዕሉ ነው። ማሽኑ ስዕሉን አያውቀውም። ይህን ቻርት እ.ኤ.አ. በ1924 በዌስተርን ኤሌክትሪክ ያስተዋወቀው ዋልተር ሸዋርት የጠየቀው ዘንጉ ያልፋል ወይስ ይወድቃል የሚለውን አይደለም። የታየው ለውጥ የተለመደው መንቀጥቀጥ ነው ወይስ ፈልገን የምናገኘው ምክንያት አለው የሚለውን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ መስመር አይመለሱም። ሁለቱን የሚያገናኙት ዛሬ ማታ የማሰላቸው ቁጥሮች ናቸው።

ሐሙስ ማታ፤ ሦስቱ ቁጥሮች

```
Cp  = (USL - LSL) / (6 × σ)
Cpk = min(USL - X̄, X̄ - LSL) / (3 × σ)
```

USL የቶለራንሱ የላይኛው ወሰን፣ LSL የታችኛው፣ σ ሲግማው፣ X̄ አማካዩ ነው። ሲፒ ስለ ስፋት ብቻ ነው የሚጠይቀው። 21 ሲካፈል ለስድስት ጊዜ 2.47፣ 1.42 ይሆናል። ማለትም ማሽኑ መሃል ላይ ቢያዝና ባይንሸራተት ቦታው ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም።

ሲፒኬ መሃል ላይ መሆናችንንም ይጠይቃል። አማካያችን ከላይኛው ወሰን 7.7 ማይክሮን ብቻ ነው የሚርቀው። ያ በሦስት ሲግማ፣ በ7.4 ሲካፈል 1.04 ነው። ከ1.42 ወደ 1.04 የወረደው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ወፈር አድርገን ስለያዝነው።

ሦስተኛው ፒፒኬ ነው። ቀመሩ እንደ ሲፒኬ ነው፣ ሲግማው ግን ከሬንጁ አይመጣም። 95ቱን ንባቦች በሙሉ ወስጄ መደበኛ ልይይታቸውን አሰላሁ፤ 3.5 ማይክሮን ሆነ። 7.7 ሲካፈል ለ10.5፣ 0.73።

እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት ነው የምወደው። 1.42፣ 1.04፣ 0.73። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ያለው ክፍተት ከመሃል የመሸሽ ዋጋ ነው። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ያለው ደግሞ የመጋዙ ጥርስ፣ ማለትም በጊዜ የመንሸራተት ዋጋ ነው። ሁለቱም ክፍተቶች አዲስ ማሽን አይጠይቁም። ሲፒ ራሱ 0.8 ቢሆን ኖሮ ግን ማዕከሉን ማስተካከል ብቻውን አይበቃንም ነበር፤ ወይ ማሽኑ ይጠገናል፣ ወይ ዘንጉ ወደ መፍጫ ማሽን ይሄዳል።

የሲፒኬ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ፎርማኑ ጠይቆኝ ነበር። ቁጥሩ በሦስት ሲባዛ አማካዩ ከቅርቡ ወሰን በስንት ሲግማ እንደሚርቅ ይነግራል። 1 ከሆነ ሦስት ሲግማ ነው፣ ከሺህ ዘንግ በዚያ በኩል አንድ ያህል ያመልጣል። 1.33 ከሆነ አራት ሲግማ ነው፣ ከመቶ ሺህ ሦስት ያህል። 0.67 ከሆነ ሁለት ሲግማ፣ ከመቶ ከሁለት በላይ። ዜሮ ከሆነ አማካዩ ራሱ ወሰኑ ላይ ተቀምጧል፣ ግማሹ ይወድቃል። ከዜሮ በታች ከሆነ አማካዩ ከወሰን ውጭ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ሂደቱ ሲረጋና ስርጭቱ የደወል ቅርጽ ሲይዝ ነው። የእኛ ገና አልረጋም። ስለዚህ የዛሬው 1.04 ትንበያ አይደለም። ነገ ጋሼ በ98 ቢቀንሱ አንድ ቁጥር፣ በ102 ቢቀንሱ ሌላ ቁጥር ይወጣል። ለደንበኛው ዛሬ ምንም አልልክም።

ዓርብ፤ ሌላው ተረኛ

የከሰዓቱን ፈረቃም ለማየት አሥር ቡድን ወሰድኩ። እዚህ የመጋዝ ጥርስ የለም፣ አማካዩም 90 አካባቢ ነው። የሚያስደስት ይመስላል። ሬንጁ ግን በአማካይ 8.1 ሆነ። ያው ማሽን፣ ያው ኢንሰርት፣ ያው ብረት።

የከሰዓቱ ተረኛ በጣም ጠንቃቃ ልጅ ነው። እያንዳንዱን ዘንግ ይለካል፣ 92 ካየ ሁለት ይቀንሳል፣ 87 ካየ ሦስት ይጨምራል። ችግሩ 92 እና 87 በአብዛኛው የተለመደው መንቀጥቀጥ ናቸው። ማሽኑ በራሱ ይመለስ ነበር። እሱ ሲያርመው የአንዱ ዘንግ መንቀጥቀጥ ወደ ሚቀጥለው ይተላለፋል። ቫሪያንሱ፣ ማለትም የሲግማው ስኩዌር፣ እጥፍ ይሆናል፣ ሲግማው በ1.41 ይባዛል። 2.47 በ1.41 ሲባዛ 3.5 ነው። 8.1 በ2.326 ሲካፈልም 3.5 ነው። ስሌቱና ማሽኑ ሲስማሙ ማየት ደስ ይላል። የሱ ሲፒ 1.00 ብቻ ነው።

እንግዲህ አንዱ በጣም ዘግይቶ ያርማል፣ ሌላው በጣም ቶሎ። መካከለኛው መንገድ በስሜት አይገኝም፣ የኢንሰርቱ የመበላት ፍጥነት ነው የሚወስነው።

ቅዳሜ፤ ማረሚያውን ለማሽኑ መስጠት

ዲያሜትሩ በ10 ዘንግ 1.3 ማይክሮን ከወፈረ በ30 ዘንግ 3.9 ነው። ስለዚህ በየ30 ዘንጉ 4 ማይክሮን ይቀነስ። ከ87.5 እንጀምር፣ እስከ 91.5 ገደማ ይውጣ፣ ይመለስ። መሃሉ 89.5 ነው።

መቆጣጠሪያው ፋኑክ ስለሆነ ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ይህን ጨመርኩ፦

```
#500=#500+1
IF[#500 LT 30]GOTO100
G10 P3 U-0.004
#500=0
N100
```

#500 የተሠሩትን ዘንጎች ይቆጥራል። ማካካሻ የኢንሰርቱን ቦታ የሚያርመው ቁጥር ነው፤ የመጨረሻው ቆረጣ የሚጠቀመው የማካካሻ ቁጥር 3 ነው፣ ስለዚህ P3። U የሚለው በነበረው ላይ ይጨምራል ማለት ነው፤ X ቢሆን የነበረውን ይተካው ነበር። ማሽናችን ማካካሻውን በዲያሜትር ስለሚያነብ 0.004 ሙሉ አራት ማይክሮን ነው። በራዲየስ የሚያነብ ማሽን ላይ ይህ ስምንት ይሆናል። ስለዚህ ሳልቆርጥ በባዶ አዙሬ የማካካሻው ገጽ ላይ ቁጥሩ ሲቀየር አየሁ።

ይህ ነገር አንድ አደገኛ ጎን አለው። ኢንሰርቱ ሲገለበጥ ጫፉ አዲስ ይሆናል፣ የተጠራቀመው ቅናሽ ግን እዚያው ይቆያል። የመጀመሪያው ዘንግ ቀጥኖ ይወጣል፣ ስክራፕ ነው። ስለዚህ ኢንሰርት የሚገለብጥ ሰው ማካካሻውን ወደ መነሻው ይመልሳል፣ #500ንም ዜሮ ያደርጋል። አዲስ ጫፍ በመጀመሪያዎቹ ዘንጎች ፈጥኖ ይበላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አምስት አንድ በአንድ ይለካሉ።

ከባዱ ሥራ ግን ኮዱ አልነበረም፣ ጋሼን ወደ 89.5 ማውረድ ነበር። «ቀጠን ብሎ ቢወጣ ማን ይከፍላል?» አሉኝ። የቆጠርኩላቸው በሲግማ ነው። ከ89.5 እስከ 79 ድረስ 10.5 ማይክሮን አለ፣ ከአራት ሲግማ በላይ። ኢንሰርቱ ደግሞ ሲበላ ወደ መወፈር እንጂ ወደ መቅጠን አይሄድም። ቻርቱን ደጋግመው አዩትና «እሺ፣ ግን ሁለት ጊዜ እለካለሁ» አሉ። ይለኩ፣ መለካት አይጎዳም። ማረሙ ነው የሚጎዳው።

የሚቀጥለው ሳምንት፤ ሁለተኛው ዙር

ሁለቱም ፈረቃዎች በአዲሱ አሠራር 25 ቡድን ሞሉ። የሬንጁ አማካይ 5.5፣ ሲግማው 2.36። አማካዩ 89.7። ወሰኖቹ 86.5 እና 92.9። ዝቅተኛው ነጥብ 87.0፣ ከፍተኛው 92.4፣ ሁሉም ውስጥ ናቸው። የከሰዓቱ ሬንጅም ከጠዋቱ ጋር ተስተካክሏል።

ሲፒ 1.48፣ ሲፒኬ 1.45፣ ፒፒኬ 1.31። ሦስቱ ተቀራርበዋል፣ የፈለግሁትም ይህንን ነበር። ግን ፒፒኬ ከ1.33 ዝቅ ብሏል። አሁንም ትንሽ የመጋዝ ጥርስ አለ፣ በ25ቱ ነጥቦች ላይ በዓይን ይታያል።

ፎርማኑ «ደንበኛው ሲፒኬ ነው ያለው፣ 1.45 ብለህ ላክ» አለኝ። በወረቀት ልክ ነው። ግን ደንበኛው የሚረከበው ሙሉውን ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ስርጭት የሚናገረው ፒፒኬ ነው።

ሌላም ነገር አለ። 1.45 የተሰላው ከ125 ዘንግ ነው። በዚህ ብዛት የሲፒኬ ስህተት በ95 በመቶ እርግጠኝነት ወደ 0.19 ይደርሳል፤ እውነተኛው ቁጥር ከ1.26 እስከ 1.64 የትም ሊሆን ይችላል። ከ30 ዘንግ ቢሰላ ኖሮ ክፍተቱ በሁለቱም በኩል ወደ 0.4 ይሰፋ ነበር። ከጥቂት ዘንግ ተሰልቶ ሁለት ዲጂት ያለው ሲፒኬ ሲያሳዩኝ የምጠይቀው ስንት ዘንግ ለካችሁ ብዬ ነው። 1.35 እና 1.31 በዚህ ብዛት አንድ ናቸው።

ስለዚህ ጥርሱን አሳጠርኩት። በየ30 ዘንጉ 4 የነበረውን በየ15 ዘንጉ 2 አደረግሁት። ኮዱ ላይ 30 ወደ 15፣ -0.004 ወደ -0.002 ተቀየረ። ለምን በየ8 ዘንጉ 1 አላደረግሁም? በዚህ ማሽን ላይ አንድ ማይክሮን ስታዝዘው አንዳንዴ ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ሁለት ስታዝዘው ግን ይታዘዛል።

ሦስተኛው ዙር

ሃያ ቡድን። የሬንጁ አማካይ 5.4፣ አማካዩ 89.3፣ የሁሉም መደበኛ ልይይት 2.4። ሲፒ 1.51፣ ሲፒኬ 1.48፣ ፒፒኬ 1.43። አሁን የሚቀርበው የታችኛው ወሰን ነው፣ አማካዩ ከመሃሉ የወረደው ግን በ0.2 ማይክሮን ብቻ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ።

የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ዙር ቻርት፣ ንባቦቹን ሁሉ፣ ሦስቱንም ቁጥሮች፣ የተለኩትን ዘንጎች ብዛትና የማይክሮሜትሩን ሙከራ አብሬ ላክሁ። የመጀመሪያውንም ዙር ጨመርኩት። ፎርማኑ አልወደደውም፣ ግን የማካካሻው ኮድ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳው እሱ ነው።

አሁን ወሰኖቹ ተቆልፈዋል፤ በየሳምንቱ አናሰላቸውም። በየሳምንቱ ብናሰላቸው ወሰኑ ራሱ ከሚንሸራተተው ሂደት ጋር አብሮ ይንሸራተታል። እንደገና የሚሰሉት ማሽኑ ሲጠገን፣ የብረቱ ዓይነት ሲቀየር ወይም ሌላ ዓይነት ኢንሰርት ሲገባ ነው። ናሙናውም ከግማሽ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ተራርቋል።

ነጥብ ከወሰን ከወጣ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቅደም ተከተሉን ይናገራል። መጀመሪያ ዘንጉ ቀዝቅዞ እንደገና ይለካ። ያው ከሆነ ኢንሰርቱና የኩላንት ቱቦው ይታዩ። ከዚያ የ#500 እና የማካካሻ 3 ቁጥር ይነበብ። ማካካሻውን በእጅ መንካት የመጨረሻው ነው፤ የነካ ሰውም ስንት ማይክሮን እንደነካ ቻርቱ ላይ ይጽፋል።